ለፋርማሲሽ ስም ከማውጣትሽ በፊት

«ፋርማሲስት ነኝ፤ ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ አዳማ ላይ የራሴን ትንሽ ፋርማሲ ልከፍት ነው። ስሙን "ፈጣን ፈውስ" ልበለው፣ "ስኳርና ደም ግፊት ፋርማሲ" ወይስ በእናቴ በየሺወርቅ ስም "የሺ ፋርማሲ"? ጓደኞቼ የሺ የሚለው የሱቅ ስም ይመስላል አሉኝ።»

እኔ የሺን ነው የምመርጠው። ጓደኞችሽ ስሙን የሰሙት ቡና እየጠጡ ነው። ደንበኛሽ ግን ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው ያደረ እናት ናት፤ ማዘዣውን ጨብጣ፣ ብሩ ይበቃኝ ይሆን እያለች ነው የምትመጣው።

«ፈጣን ፈውስ» ለሷ ቃል መግባት ነው። አንቲባዮቲኩን ጀምራ በማግስቱም ትኩሳቱ ካልወረደ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብላ ልታቋርጠው ትችላለች። የደም ግፊት ክኒን ደግሞ በሽታውን ይቆጣጠራል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም። አንቺ መስኮቱ ጋ ቆመሽ «በርታ በሉ፣ ሳይጨርሱ እንዳያቋርጡ» እያልሽ ታፔላሽ «ፈጣን» ካለ ማንን ይመኑ?

የበሽታ ስም ያለበትንስ ፈጽሞ እርሺው። ክኒን ቆጥረሽ የምትሰጪባትን ትንሿን የወረቀት ፖስታ አስቢ። ፊት ለፊቷ ላይ የፋርማሲው ስም አለ፣ ከሥር «ጠዋት 1፣ ማታ 1» ብለሽ ትጽፊባታለሽ። ሰውየው ኪሱ ከቶ ታክሲ ይሳፈራል፣ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል፣ ያየው ሁሉ ስኳር እንዳለበት ያውቃል። ደብቆ መኖር የሚፈልግ ሰው፣ እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ብዙ ነው፣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይገዛል። ሳል ይዞት የመጣውም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፍሻል።

የሺ ምንም ቃል አይገባም። የሰው ስም ስለሆነ ከበስተጀርባው የሚጠየቅ ሰው እንዳለ ይሰማል፤ አጭር ነው፣ አዛውንትም ሕፃንም አይሳሳተውም። ለማረጋገጥ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመድሽ ጋ ደውይና «ከየሺ ፋርማሲ መድኃኒት ያምጡልኝ» በያቸው። «ከየት?» ብለው ከጠየቁሽ ስሙ ችግር አለበት። በማግስቱ ደግሞ ስሙን መልሰው እንዲነግሩሽ ጠይቂ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ እዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ስም ካለ። መድኃኒት እንድታመጣ የተላከች ልጅ ተሳስታ ሌላ ቤት ትገባለች፣ ወይ ስለ መጠኑ ልትጠይቅሽ የደወለች ታካሚ የማያውቃትን ባለሙያ ታገኛለች፤ መድኃኒት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፈሩን በእግርሽ ዙሪና ታፔላዎቹን አንብቢ። ንግድ ቢሮም ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር የሚያምታታ ከሆነ አይመዘግብልሽም። የሺ ከተያዘ «የሺወርቅ» ብለሽ ሙሉውን አስመዝግቢ። እና ፈቃድሽ የሚወጣው በፋርማሲ ደረጃ መሆኑን አጣሪ፤ በመድኃኒት መደብር ደረጃ ከወጣ ታፔላው ላይ ፋርማሲ ብለሽ መጻፍ አትችይም።

ማህተም፣ ታፔላና ፖስታ ማሠራቱን ስሙ ከጸደቀ በኋላ አድርጊው።