ለአዲስ የመጋዘን ሠራተኛ የደህንነት ጥያቄ ሲዘጋጅ

ጥያቄ፦ «ለአዲስ ሠራተኞች ረጅም የደህንነት ስላይድ እናሳይ ነበር፤ ግማሹ ያንቀላፋል። በስላይዱ ፈንታ ‹እንዲህ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ?› የሚሉ ጥያቄዎች አዘጋጀን። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይመልሳል። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?»

አማራጮቹ ጋ ነው። ብዙ ቦታ የማየው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ፎርክሊፍት ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? ሀ. ፊቱ እቆማለሁ። ለ. ስልኬን እነካካለሁ። ሐ. መንገድ እለቃለሁ። ይሄንን ጥያቄ የመጋዘን በር ረግጦ የማያውቅ ሰውም ይመልሰዋል። የተሳሳተው አማራጭ ጤነኛ ሰው ሥራ ሲጣደፍበት የሚያደርገው ነገር መሆን አለበት።

እኔ ከምጠቀምባቸው አንዱን ላካፍላችሁ።

«ትእዛዝ እየሰበሰብክ ነው። የቀረህ አንድ ካርቶን ብቻ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ አለቃህ ‹ቶሎ በል እንጂ› ብሎሃል። ካርቶኑ ያለበት መተላለፊያ ውስጥ ግን ፎርክሊፍት ፓሌት ወደ ላይኛው መደርደሪያ እየሰቀለ ነው። ሹፌሩ አየህና እጁን አነሳ።»

ሀ. አይቶኛል፤ ከኋላው ቶሎ ብዬ አልፋለሁ።
ለ. ዞሬ በጎረቤት መተላለፊያ እገባና ካርቶኑን ከመደርደሪያው ጀርባ አወጣለሁ።
ሐ. ሥራውን ጨርሶ፣ ሹካውን መሬት አውርዶ «እለፍ» እስኪለኝ ራቅ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሰው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደሚከተል አሳዩት። ሀን ለመረጠ ሰው ምላሹ ይሄ ነው፦ አብዛኛው ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጭራው ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ ይጠርጋል። በጭራውና በመደርደሪያው መካከል ያለ ሰው መውጫ የለውም። የሹፌሩ ዓይን ደግሞ ወደ ላይ ነው፣ ፓሌቱ ላይ። የተነሳው እጅስ? «እለፍ» ይሁን «ቁም» ይሁን «ሰላም ነው» ይሁን በምን ታውቃለህ?

ለ ግን የእኔ ተወዳጅ ነው፤ ምክንያቱም ጠንቃቃው ሰው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ከፎርክሊፍቱ ርቄያለሁ ብሎ ያስባል። መደርደሪያዎቹ ጀርባ ለጀርባ ከቆሙ፣ ሹፌሩ ፓሌቱን ትንሽ ጠልቆ ከገፋው ከኋላ ያለውን ፓሌት ገፍቶ በጎረቤት መተላለፊያ በኩል ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከፍታ ላይ ሥራ ሲኖር ጎረቤቱም መተላለፊያ ለእግረኛ ዝግ ነው። ይሄ ነገር ስላይዳችሁ ላይም አንድ ቦታ ተጽፎ ይሆናል። ግን ማንም አያስታውሰውም። ለን መርጦ ፓሌቱ አናቱ ላይ ሲወርድ በሥዕል ያየ ሰው ግን ይይዘዋል።

ፈተናው ግን ስክሪን ላይ አያልቅም። ሠራተኛውን ያንኑ መተላለፊያ ይዛችሁት ሂዱ። ፎርክሊፍቱ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ ይቁም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «እስቲ የት ቆመህ ትጠብቃለህ?» እግሩን እዩ። ሐን በትክክል የመለሰ ሰው ሄዶ የመተላለፊያው አፍ ላይ ይቆማል፤ ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ ሲወጣ ጭራው የሚዞርበት ቦታ ላይ ማለት ነው! «ራቅ ብዬ» ለእሱ ሁለት እርምጃ ነው። መልሱን አውቋል፣ ቦታውን ግን አላወቀም። ይሄን ሳታዩ ማለፊያ ወረቀቱ ላይ አትፈርሙ።

ሁሉንም ነገር ግን ወደ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አትቀይሩት። የአደጋ ጊዜ መውጫው የት ነው፣ ማንን ልጥራ የሚለው በእግር እየዞሩ ይታያል፤ አለቀ። ፎርክሊፍት መንዳትም ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው። ጥያቄ የሚያስፈልገው ሰው ደንቡን እያወቀ የሚጥስበት ቦታ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ለጥቂት ከአደጋ የተተረፈባቸውን ጊዜያት ከመዘገባችሁበት መዝገብ ታገኙታላችሁ። ማንበብ ለሚከብደው ሰው የራሳችሁን መጋዘን ፎቶ አሳይታችሁ በቃል ጠይቁ።

ውጤቱንም እዩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ከመረጠ ሰዎቹን ከመውቀሳችሁ በፊት ወለሉን እዩ። ምናልባት የእግረኛ መስመሩ ቀለም ጠፍቷል፤ ወይም መስመሩ ራሱ ሰውን በዚያ መተላለፊያ ነው የሚወስደው።

ለአዲሶቹ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ነባር ሹፌሮችንና አለቆችን አስፈትኑበት። እኔ ይሄንኑ ጥያቄ ሳስፈትን ሹፌሮቹ እጅ ማንሳት «ቁም» ነው አሉ፤ ዕቃ ሰብሳቢዎቹ «እለፍ» ነው ብለው ድርቅ አሉ። በአንድ ወለል ላይ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ጥያቄውን ለጊዜው አስቀምጠን መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ተስማማን፦ ሹካው መሬት፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሹፌሩ በእጁ መንገዱን ካላሳየ ማንም አያልፍም።