ሥራ ላይ ሆነሽ ሌላ ሥራ ስትፈልጊ ሊንክድኢን ላይ ለማን ምን ይታያል?

«ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሬያለሁ። ሊንክድኢን ላይ Open to work ባደርግ አለቃዬ ያውቅብኛል? ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?»

እህቴ፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ ከቀጣሪው ወገን የማውቀውን ልንገርሽ። Open to work ስትከፍቺ ሁለት ምርጫ ይመጣልሻል። All LinkedIn members ካልሽ ፎቶሽ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣና ማንም ያየዋል። ላንቺ የሚሆነው Recruiters only ነው። ይህን የሚያዩት ለቀጣሪዎች የተዘጋጀውን የሚከፈልበት አገልግሎት የሚጠቀሙ ብቻ ናቸው። የድርጅትሽንና የተዛማጅ ድርጅቶችን ቀጣሪዎችም ሊንክድኢን ለይቶ ለመከልከል ይሞክራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን እንደማይሰጥ ራሱ ጽፎታል።

ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። ድርጅትሽን የሚያውቀው አሁን የምትሠሪበት ብለሽ ከሞላሽው ነው። ስሙን በእጅሽ ጽፈሽ ከድርጅቱ ገጽ ጋር ካላያያዝሽው የሚከለክለውን ሰው በምን ይለያል? ስለዚህ አስቀድመሽ ከሥራ መደብሽ አጠገብ የድርጅቱ አርማ መውጣቱን እዪ። ግራጫ ሳጥን ብቻ ከሆነ አስተካክለሽ ከዝርዝሩ ምረጪው። ሌላው፣ ድርጅትሽ ሠራተኛ የሚቀጥረው በኤጀንሲ በኩል ከሆነ የኤጀንሲው ሰው ሊያይሽ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከአለቃሽ ጋር በየጊዜው ይነጋገራል። እንዲህ ከሆነ እኔ ብሆን ጭራሽ አልከፍተውም፤ ማስታወቂያ እየመረጥኩ በቀጥታ አመለክታለሁ።

እንዳየሁት ግን ብዙ ሰው የሚታወቅበት በድንገተኛ ለውጥ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ፕሮፋይል በአንድ ማታ አዲስ ፎቶ፣ አዲስ መግለጫ፣ አዲስ ሰርተፊኬት ሲጨመርበት የሥራ ባልደረባ ልብ ይላል። ከመንካትሽ በፊት Settings ውስጥ Visibility ገብተሽ የሥራና የትምህርት ለውጥሽን ለወዳጆችሽ የሚያሳውቀውን አጥፊ። ከዚያም ቢሆን ገጽሽን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ለውጡን ያያልና ቀስ በቀስ አድርጊው። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ስር «ፍላጎት አለኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ አስተያየት በማንኛውም ቅንብር አይደበቅም። ቴሌግራም የሥራ ግሩፖች ላይም እንዲሁ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያጋልጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ማስታወቂያ ባየሽ ማግስት ከጠየቅሽ ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለም በጠየቀ ጊዜ ይህን ማስረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ አሁን ምንም ሳያጣድፍሽ «ለፋይሌ» ብለሽ አውጪና አስቀምጪው። ካልሆነ ቅጥር ውልሽንና የደመወዝ ማስረጃሽን አያይዘሽ፣ ደብዳቤውን ስትመረጪ እንደምታመጪ ማመልከቻው ላይ ጻፊ። ብዙ ቀጣሪ ይቀበላል። አሁን ያሉትን አለቃሽን ምስክር አድርገሽ አትስጪ፤ የቀድሞ አለቃሽን ስጪና «አሁን ያለሁበትን መሥሪያ ቤት ከመቀጠሬ በፊት እንዳታነጋግሩ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልቀቂያ የምታስገቢው አዲሱን ውል ከፈረምሽ በኋላ ነው። በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብሽና አዲሱን ቦታ የምትጀምሪበትን ቀን ስትስማሚ ይህን ቆጥረሽ ይሁን።