ሞኒተሩ «No Signal» ሲል፦ ከገመዱ እስከ ሴቲንጉ

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው፤ ሞኒተሬ ደግሞ የድሮ ቪጂኤ ነው። መሃል ላይ መቀየሪያ አዳፕተር ገዝቼ ጥቂት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ስሰካው ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋና No Signal ይላል። ጥገና ቤት ዊንዶውሱን ፎርማት አደረጉልኝ፤ አሁን ብልጭታውም ቀረ። የላፕቶፑ ብርሃንም አልቀንስ ብሎኛል።»

መልስ፦ ሁለት ብልሽት የተደራረበብዎት ይመስለኛል። የመጀመሪያው አዳፕተሩ ነው፤ ሁለተኛውን ያመጣው ፎርማቱ ነው። ምስሉ ለአፍታም ቢሆን ከታየ ላፕቶፑ ምስል እየላከ ነበር፤ ዊንዶውሱን የሚያስነካ ምንም ምክንያት አልነበረም። ገመድ ሳያዩ ፎርማት ማድረግ በጣም የሚያናድድ ልማድ ሆኗል።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩንም የሞኒተሩንም ገመድ ከሶኬት ይንቀሉ። የሞኒተሩ መሰኪያ የመሬት እግር ተቆርጦ ወይም መሬት በሌለው ኤክስቴንሽን ተሰክቶ ከሆነ በሞኒተሩ ብረት ላይ የፍሳሽ ኤሌክትሪክ ይኖራል። ገመዱን በሚሰኩበት ቅጽበት ይህ ወደ ላፕቶፑ ተሻግሮ የኤችዲኤምአይ ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ገመድ ያገናኙ፤ ኤሌክትሪኩ የሚሰካው በመጨረሻ ነው።

አሁን የቪጂኤ ገመዱን ጫፍ ይዩ። በሦስት ረድፍ 15 እግሮች አሉት። በመካከለኛው ረድፍ 9ኛው ባይኖር ችግር የለውም፤ ብዙ ደህና ገመድም የለውም። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ፊት ለፊት ሲያዩት ግን በታችኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው (12ኛ) እና የመጨረሻው (15ኛ) የግድ ያስፈልጋሉ። ላፕቶፑ የሞኒተሩን ማንነትና የምስል መጠን የሚያነበው በእነዚህ ነው። ርካሽ ገመዶች ላይ እነዚህ ይቀራሉ። የታጠፈ እግር ካለ በቀጭን ፒንሴት ቀስ ብለው ያቅኑት።

ገመዱ ደህና ከሆነ አዳፕተሩ ይቀራል። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ በአዳፕተሩ ውስጥ ምስሉን የሚቀይር ቺፕ አለ፤ ቺፑ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከኤችዲኤምአይ 18ኛ እግር በሚወጣ 5 ቮልት ነው። ስታንዳርዱ ላፕቶፑን የሚያስገድደው ቢያንስ 55 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ብቻ ነው። ብዙ ርካሽ አዳፕተር ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ሲሰካ ቺፑ ይነሣል፣ ምስል መቀየር ሲጀምር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቺፑም ይጠፋል። እርስዎ ያዩት ብልጭታ ይህ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ከ55 በላይ ስለሚሰጥ ያው አዳፕተር ጓደኛዎ ጋ ሲሠራ እርስዎ ጋ እምቢ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ሠርቶ ኋላ መድከሙም ያው ነው፤ የውስጡ ዕቃ በሙቀት ሲዳከም ያችው ትንሽ ኃይል አትበቃውም።

ስለዚህ በጎኑ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው አዳፕተር ይግዙና ያንን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ጋር ያገናኙ። ከዚያ በፊት ግን የሞኒተሩን ጀርባ ይዩ፤ ነጭ ሰፊ የዲቪአይ ቀዳዳ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ገመድ ይበቃዎታል። ሁለቱም ዲጂታል ስለሆኑ ቺፕ አያስፈልግም፤ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው። በሞኒተሩ ሜኑ ላይም ምንጩ በሰኩት ገመድ ልክ VGA ወይም DVI መሆኑን ያረጋግጡ።

ወደ ሁለተኛው ብልሽት እንሂድ። ከፎርማት በኋላ ብርሃን አልቀንስ ማለቱ የግራፊክስ ድራይቨር እንዳልተጫነ ያሳብቃል። የStart ምልክት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው Device Manager፣ ከዚያ Display adapters ይክፈቱ። «Microsoft Basic Display Adapter» የሚል ካገኙ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው፤ በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ድራይቨሩን በላፕቶፑ ሞዴል ፈልገው ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እንጭናለን የሚሉትን ፕሮግራሞች አይጠቀሙ። ከጫኑ በኋላ ላፕቶፑን አጥፍተው ያብሩት፤ ብርሃኑ መቀነስ ከጀመረ ድራይቨሩ ገብቷል።

ከዚያ Windows + P ተጭነው Extend ይምረጡ። ሞኒተሩ ካልመጣ Settings፣ System፣ Display ውስጥ ገብተው በMultiple displays ሥር Detect ይጫኑ። ጽሑፉ ከNo Signal ወደ Out of Range ከተቀየረ ደስ ይበልዎ፤ ምስሉ ደርሷል፣ የቀረው ሪዞሉሽኑን ማውረድና Advanced display ላይ 60 Hz ማድረግ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ላፕቶፑን ያለ አዳፕተር በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት፤ አሁንም ሁለቱን ከሶኬት ነቅለው። ድራይቨሩ ሳይገባ ይህን ሙከራ ቢያደርጉ መልሱ ያሳስትዎታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣ ጥፋቱ ከአዳፕተሩ እስከ ሞኒተሩ ባለው ውስጥ ነው። እዚያም ካልመጣና ሌላ የኤችዲኤምአይ ገመድም ካልረዳ የላፕቶፑ ፖርት ተጎድቷል። ያኔ በማጉያ እያየ የሚበይድ ሰው ይፈልጉ፣ የሞኒተሩንም የመሬት እግር ሳያስተካክሉ አዲሱን ፖርት አይሰኩበት።