ድርሻዬን ሸጬ ወጣሁ፣ ዋስትናው ግን እኔው ጋ ቀረ

«ለድርጅታችን የባንክ ብድር በግሌ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። አሁን ድርሻዬን ለሸሪኬ ሸጬ ልወጣ ነው። ዋስትናውስ አብሮ ይወርድልኛል?»

አይወርድም ወንድሜ። እኔ ይወርዳል ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. የሽያጭ ውልህ ባንኩን አያስገድደውም። የኔ ውል ላይ «ገዢው የድርጅቱን ዕዳ በሙሉ ተረክቧል» የሚል አንቀጽ ነበረበት። እኔው ነኝ ያስገባሁት፣ ኮርቼበትም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባንኩ ክፈል ብሎ ደወለልኝ። ውሉን ይዤ ሮጥኩ። የብድር ክፍሉ ሰውዬ ሁለተኛውን ገጽ እንኳ ሳይገልጥ «ይሄ የናንተ ጉዳይ ነው» ብሎ በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። እስከዛሬ ያናድደኛል፣ ግን ልክ ነበር። ያ አንቀጽ የሚጠቅመኝ ከከፈልኩ በኋላ ሸሪኬን ለመጠየቅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያኔ ባዶ እጁን ቀርቷል።

2. የፈረምከውን ወረቀት ፈልገህ አንብብ። «አሁን ያለውንና ወደፊት የሚመጣውን ማንኛውንም ዕዳ» ይላል? የኔ እንደዚያ ይል ነበር። እኔ ስወጣ ዋናው ብድር ተከፍሎ ስላለቀ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ድርጅቱ ሒሳቡ ላይ ካለው በላይ እንዲያወጣ ባንኩ የፈቀደለትን ኦቨርድራፍት ግን ማንም አልዘጋውም። በወጣሁበት ቀን ዜሮ ነበር፣ ሸሪኬ ከዚያ በኋላ ነው እስከ ጣሪያው የሳበው። አንድ ሳንቲም ያልነካሁትን ገንዘብ ከፈልኩ ማለት ነው! በወጣሁበት ቀን ለባንኩ «ከእንግዲህ ለሚወሰድ ገንዘብ ዋስ አይደለሁም» የሚል ደብዳቤ አስገብቼ ማህተም የተመታበት ቅጂ ብይዝ ኖሮ፣ ውሉ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሲያልፍ በቃ ነበር። ይህ ደብዳቤ የቆየውን ዕዳ እንደማያነሳ ግን እወቅ፣ የሚያቆመው አዲሱን ነው።

ባንኩ ሳይነግረኝ የኦቨርድራፍቱን ጣሪያ ከፍ እንዳደረገው ስሰማ ደግሞ ተስፋ አደረግኩ። ዋስ ሳይፈቅድ የብድሩ ውል ከተለወጠ ነፃ ሊወጣ ይችላል ብለውኝ ነበር። ጠበቃዬ ወረቀቱን አይቶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ «ብድሩ ቢጨምርም ቢራዘምም ዋሱ አስቀድሞ ተስማምቷል።» ከሥሩ ፊርማዬ።

3. እንግዲህ አንተ ገና ስላልሸጥክ ጉልበቱ ያንተ ነው። ከሁለተኛው ድርጅቴ ስወጣ ሸሪኮቼን «መጀመሪያ የባንኩ ደብዳቤ» አልኳቸው። ባንክ ዋስ በነፃ አይለቅም፣ ወይ በቂ ሀብት ያለው ምትክ ዋስ ወይ መያዣ ይፈልጋል፣ አለዚያ ዕዳው ይቀንስ ይላል። እሱን ማቅረብ የገዢው ሥራ ነው። ደብዳቤው ዋስትናህን በቁጥሩና በቀኑ ጠቅሶ፣ ካለፈውም ከሚመጣውም ዕዳ ነፃ ነህ ማለት አለበት። የፈረመውም የመፈረም ሥልጣን ያለው ይሁን። «ችግር የለም፣ እናወጣሃለን» የሚል የአፍ ቃል ይዘህ እንዳትወጣ።

ሸሪኮቼ ሳምንታት ሙሉ ተነጫነጩ፣ አንዱማ «አታምነንም ወይ?» ብሎ አኮረፈኝ። እኔ ግን ደብዳቤው እጄ እስኪገባ የድርሻ ማስተላለፊያው ላይ አልፈረምኩም።