ከግኝቱ የማይበልጥ አኅጽሮተ ጥናትና መደምደሚያ

ጥያቄ፦ «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ልጨርስ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በ9ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽኖች ላይ የሠራሁት ሙከራ ነው። አማካሪዬ ‹አኅጽሮተ ጥናትሽና መደምደሚያሽ ከግኝትሽ በላይ ይናገራሉ› ብለው መለሱልኝ። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ትክክል ናቸው። ታዲያ ምኑን ነው የማስተካክለው?»

ሰላም እህቴ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ አስተያየት ተቀብያለሁ፤ ጥናቴም ካንቺው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በራሴ ሥራ ላሳይሽ።

ያጠናሁት የአንብቦ መረዳት ብልሃቶችን በግልጽ ማስተማርን ነበር። አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት የ9ኛ ክፍል ሴክሽኖች፤ 46 ተማሪዎች የሙከራ ቡድን፣ 44 የቁጥጥር ቡድን። የሙከራውን ቡድን ለ6 ሳምንታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የቁጥጥሩን ደግሞ የክፍሉ መምህር በተለመደው መንገድ አስተማሩ። ከ30 በሚታረመው ቅድመ ፈተና የሙከራው ቡድን አማካይ 13.2፣ የቁጥጥሩ 13.5 ነበር። በድኅረ ፈተናው 18.1 እና 15.9 ሆነ። የድኅረ ፈተናው ልዩነት በቲ-ቴስት ጉልህ ነው፤ p = 0.01። የማንበብ ፍላጎትን የሚለካ መጠይቅም ነበረኝ፤ እዚያ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ p = 0.21።

ከዚህ ተነስቼ መደምደሚያዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የአንብቦ መረዳት ብልሃቶችን በግልጽ ማስተማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የአንብቦ መረዳት ችሎታ በከፍተኛ ሁኔታ ያሻሽላል።» አማካሪዬ እርሳስ አንስተው ከሦስት ቦታ ሥር አሰመሩ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን»፣ «በከፍተኛ ሁኔታ»፣ «ያሻሽላል»። ከዚያ «እነዚህን የትኛው ሰንጠረዥ ላይ አየሃቸው?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ወረቀቱን ይዤ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩና ሰንጠረዦቼን አንድ በአንድ አየሁ። የትኛውም ላይ አልነበሩም።

ከሁሉም ብዙ ያስተማረኝ «ያሻሽላል» ነው። አማርኛችን ምክንያትነትን ግሱ ውስጥ ይቋጥራል። «ተሻሻለ» ስንል ለውጥ መኖሩን ብቻ እንናገራለን፤ «አሻሻለ» ስንል ግን ለውጡን ያመጣው ማን እንደሆነ ፈርደናል። «ያሻሽላል» ብለን ስንጽፍ ደግሞ ፍርዱ ለዛሬም ለነገም፣ ለዚህም ለዚያም ክፍል ይሆናል። የፈታኙ ዓይን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ፍርድ ለመስጠት የሚያበቃ ንድፍ አልነበረኝም። ሴክሽኖቹ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የደለደላቸው እንጂ ተማሪዎቹን በዕጣ የመደብኳቸው አይደሉም። ከዚህ የባሰው መምህሩ ነው፤ አንዱን ክፍል እኔ፣ ሌላውን ሌላ ሰው አስተማርን። ያ የ2.2 ነጥብ ልዩነት ከብልሃቶቹ ይምጣ፣ ከእኔ ትጋት ይምጣ፣ ልጆቹ አዲስ መምህር ሲያዩ ከሚያሳዩት ጉጉት ይምጣ የምለይበት መንገድ የለኝም። አንቺም ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ራስሽ አስተምረሽ ከሆነ ይህንን በውስንነት ክፍል ብቻ ሳይሆን መደምደሚያው ውስጥም በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊው።

«በከፍተኛ ሁኔታ» የመጣው «ጉልህ» ከሚለው ቃል ነው። በዕለት ንግግራችን ጉልህ ማለት ትልቅ፣ ጎልቶ የሚታይ ማለት ስለሆነ ሳናውቀው ወደ «ከፍተኛ» እንሻገራለን። በስታቲስቲክስ ግን p = 0.01 የሚለው በቡድኖቹ መካከል እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማየቱ ዕድል ትንሽ መሆኑን ነው። ስለ ልዩነቱ ትልቅነት አይናገርም። ትልቅነቱን የሚናገረው ራሱ 2.2 ከ30 ነው፤ እሱን ጻፊና አንባቢው ይመዝነው።

አኅጽሮተ ጥናቴ ላይ ሌላም ስህተት ነበረ፤ ይህኛውን አማካሪዬም አላዩትም፣ በኋላ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። «የሙከራው ቡድን አማካይ ከ13.2 ወደ 18.1 አደገ» ብዬ ነበር። ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን የቁጥጥሩ ቡድንም ብልሃቶቹን ሳይማር ከ13.5 ወደ 15.9 አድጓል። የሙከራው ቡድን 4.9 ሲጨምር የቁጥጥሩ 2.4 ጨምሯል፤ ግማሽ የሚጠጋው ለውጥ ያለ ብልሃቶቹም የሚመጣ ይመስላል ማለት ነው። አንዱን ቡድን ብቻ ስጠቅስ አኅጽሮቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ለውጡን እጥፍ አድርጎ እንዲያይ አደረግኩት። አብዛኛው አንባቢ ደግሞ ከአኅጽሮቱ አያልፍም።

መጠይቁንም ከአኅጽሮቱ አውጥቼው ነበር፤ «ውጤት ስላላመጣ» በሚል። አማካሪዬ መልሼ እንዳስገባው አደረጉኝ። የጥናቱ ጥያቄ ሁለት ከሆነ አኅጽሮቱም ሁለት መልስ ይይዛል። አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቂ፦ p = 0.21 ማለት «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ነው እንጂ «ብልሃቶቹ በፍላጎት ላይ ለውጥ አያመጡም» አይደለም። በ90 ተማሪና በ6 ሳምንት ያልታየ ነገር የለም ማለት አይቻልም።

«የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች» ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያየሁት አንድ የከተማ ትምህርት ቤት ነው። በጀልባ ተሻግሮ ደቅ ደሴት ላይ የሚኖረውን ወይም ዘጌ ያለውን ልጅ አላየሁትም።

በመጨረሻ መደምደሚያው እንዲህ ሆነ፦

«በተጠናው ትምህርት ቤት የአንብቦ መረዳት ብልሃቶችን ለ6 ሳምንታት በግልጽ የተማሩት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በድኅረ ፈተናው ከቁጥጥሩ ቡድን በአማካይ 2.2 ነጥብ (ከ30) ከፍ ያለ ውጤት አስመዝግበዋል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው። በማንበብ ፍላጎት ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱን ቡድኖች ያስተማሩት የተለያዩ መምህራን በመሆናቸው የውጤቱን ልዩነት ለብልሃቶቹ ብቻ መስጠት አይቻልም።»

አሠራሩ ላይ የምመክርሽ ይህን ነው። መደምደሚያሽን አትሚና ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን የመጣበትን ሰንጠረዥ ቁጥር በእርሳስ ጻፊ። ቁጥር ያጣሽለት ዐረፍተ ነገር ወይ ይሰረዛል፣ ወይ ወደ ውይይት ክፍል ሄዶ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይጻፋል። አኅጽሮቱን ከዚያ በኋላ፣ ከታረመው መደምደሚያ ላይ ቀድተሽ አሳጥሪው። አኅጽሮቱን ቀድመሽ ጽፈሽው ከነበረ እንደ አዲስ ጀምሪው፤ ፕሮፖዛል ላይ ተስፋ ያደረግነው ነገር የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። ርዕስሽንም እይው፤ «ያለው ተጽዕኖ» ወይም «ያለው ሚና» የሚል ከሆነ ከመደምደሚያው ጋር ይጣላል። የእኔ ርዕስ ላይ «በ9ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽኖች» የሚል ጨመርን፣ «ተጽዕኖ» የሚለውን አወጣን።

የመፍትሔ ሐሳብሽም በዚያው ሚዛን ይለካ። የእኔ የመጀመሪያው «ትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጽሐፉን ይከልስ» ይል ነበር፤ መጽሐፉን ግን ጥናቴ ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ አልገመገምኩም። በእሱ ፋንታ ሁለት ሐሳቦች ገቡ፦ የትምህርት ቤቱ የ9ኛ ክፍል መምህራን ብልሃቶቹን በየክፍላቸው እንዲሞክሯቸው፣ ቀጣይ አጥኚም አንድ መምህር ሁለቱንም ቡድኖች የሚያስተምርበት ንድፍ እንዲጠቀም።

ሁለቱን ክፍሎች ማን እንዳስተማራቸውና የሁለቱንም ቡድን ቅድመና ድኅረ ፈተና አማካይ እዚህ ብትጽፊልን መደምደሚያሽን አብረን እናየዋለን።