ሴፕሲስ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ቡናዬንም ይዣለሁ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ አዋቂዎች ላይ። ኢንፌክሽን የሰውነት ክፍሎችን ማሰናከል ሲጀምር ስለሚመጣው ሴፕሲስ ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ከዞን ሆስፒታል፦ ዶክተር፣ ትኩሳት የሌለው ሰው ሴፕሲስ ነው ብዬ በምን ልጠርጥር? እኛ ጋ ትሪያጅ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቴርሞሜትር ነው።

ቴርሞሜትሩ ጥሩ ነው፣ ግን አታምነው። ሽማግሌ፣ የስኳር ታማሚ፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ኢንፌክሽን ውስጡን እየበላው 36 ሊያሳይህ ይችላል። እንዲያውም ቀዝቅዞ የመጣው የበለጠ ያስፈራኛል።

እኔ መጀመሪያ የማየው አተነፋፈስ ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። ቻርቶቻችንን ብታገላብጥ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው፤ ማንም እንዳልቆጠረው ያስታውቃል። 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የላይኛው ግፊት 100 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ ወይም ሰውየው ከተምታታበት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገኙ አልጋ ስጠው። ግን ተጠንቀቅ፣ ይህ መለኪያ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። «አላሟላም» ብለህ ወደ ወረፋ አትመልስበት።

መምታታቱን ለማወቅ ደግሞ አስታማሚውን «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» ብለህ ጠይቅ። «ትናንት ራሳቸው ቡና አፍልተው ነበር» ካሉህ መልስህን አገኘህ። ከዚያ የጣቱን ጫፍ 10 ሰከንድ ተጫነውና ልቀቀው። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደም ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም። በጥቁር ቆዳ ላይ የጉልበት መዥጎርጎር ስለማይታይ ጉልበቱን በእጅህ ዳስሰው፤ ቅዝቃዜው ይነግርሃል።

አንድ አባል፦ እኔ ባለፈው ወር ደም ተመርምሬ ታይፎይድ አለብህ ተባልኩ። ሴፕሲስ ማለት ይሄ ነው? አሁንም ይደክመኛል።

ወንድሜ፣ አይደለም። ሠፈር ክሊኒክ የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ኢንፌክሽን አሻራ ነው የሚያሳየው፤ ጤነኛ ሰውም ላይ ይወጣል። ሴፕሲስ ኢንፌክሽኑ ኩላሊትን፣ አንጎልን፣ ሳንባን ማሰናከል ሲጀምር ነው፣ በእግርህ ሄደህ የምትመረመርበት ነገር አይደለም። ድካሙን ግን ሐኪም ይየው፤ ደም ማነስም ሊሆን ይችላል።

ሲስተር፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የምናበቅልበት የካልቸር ጠርሙስ ከላብ እስኪመጣ አንቲባዮቲኩን ያዙ እንባላለን። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ልክ ነው?

ሲስተርዬ፣ ልክ አይደለም። ካልቸር ይቅደም የሚባለው ጠርሙሱ እጅሽ ላይ ካለ ነው። መመሪያው የሚፈቅደው ቢበዛ 45 ደቂቃ ነው። ሰውየው ሾክ ውስጥ ከሆነ እሱንም አልጠብቅም።

ግን «እንግዲያው ካልቸር ይቅር» ማለቴም አይደለም። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በዚያው ሕመምተኛ ላይ ከአንቲባዮቲክ በፊትና በኋላ ደም ቀድቶ አወዳድሮ ነበር። በፊት ከተቀዳው 31 በመቶ ገደማ ባክቴሪያ አበቀለ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመድኃኒቱ በኋላ ከተቀዳው ግን 19 በመቶ ገደማ ብቻ። ስለዚህ መፍትሔው ጠርሙሶቹን ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ላብ ሄዶ መለመን አይደለም።

አቀዳዱ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አስተውዪ። አንደኛው የደሙ መጠን ነው። 2 ሚሊ አስገብቶ «ኔጌቲቭ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ለአዋቂ በያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ። ሁለተኛው ቆዳው ነው። ክሎርሄክሲዲኑ ወይም አልኮሉ ራሱ ይድረቅ፣ አታራግቢበት፣ ካጸዳሽ በኋላ በጣትሽ ደም ሥሩን ድጋሚ አትፈልጊ። የጠርሙሱን ጎማም በአልኮል ጥረጊው። ክዳኑን ስላነሳሽው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሌላ ሐኪም፦ እንዴ፣ ሕጉ ግልጽ ነው እኮ። ኢንፌክሽን የጠረጠርከው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ያገኛል። ምን ያከራክራል?

ግማሹ ልክ ነው። ሾክ ካለ ወይም ሴፕሲስ መሆኑ በጣም የሚመስል ከሆነ አንድ ሰዓት፤ እሱ ላይ አልከራከርህም። ግፊቱ ደህና ሆኖ ኢንፌክሽን ይሁን የልብ ድካም ይሁን ያልለየልህ ሰው ላይ ግን የ2021ዱ ዓለም አቀፍ መመሪያ እስከ 3 ሰዓት ይሰጥሃል፣ እስከዚያ መርምር ይላል። ለትንፋሽ አጠር ሁሉ ሴፍትሪያክሰን እየሰጠን ነው ሴፍትሪያክሰንን የገደልነው።

ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ወደ 49 ሺህ በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት አለ። አንቲባዮቲኩ በዘገየ ቁጥር ሞት ይጨምር ነበር። የመጀመሪያው ፈሳሽ የሚያልቅበት ሰዓት ግን ከሞት ጋር ግንኙነት አልታየበትም። አንድ እጅ ብቻ ካለህ መጀመሪያ ምኑን እንደምታነሳ ከዚህ ተረዳ።

ያው ጠቅላላ ሐኪም፦ አንድ ኬዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰዓት ብትነግረን?

እሺ። መለያዋን ቀይሬዋለሁ። የስኳር ታማሚ የሆነች የ60ዎቹ እናት፣ 55 ኪሎ ገደማ፣ ልጇ ይዟት መጣ። ሦስት ቀን ሽንት ሲያቃጥላት ነበር፣ ከዚያ ጎኗን ያማት ጀመር፣ ዛሬ ጠዋት ልጇን በወንድሙ ስም ጠራችው። ከጠዋቱ 3፡10 ገባች። ትንፋሽ 28፣ የልብ ምት 118፣ ግፊት 86 በ50፣ ሙቀት 36.4። ስኳሯ 240፤ መጀመሪያ የለካነው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ግራ የተጋባ የስኳር ታማሚ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጣቷን ስጫነው 5 ሰከንድ ፈጀ።

3፡20 ላይ በሁለቱም ክንድ ካኑላ ገባ። ከሁለቱም ክንድ ካልቸር ተቀዳ፣ ለብቻው በተጸዳ ቦታ። 3፡30 ላይ 2 ግራም ሴፍትሪያክሰን፣ ቀስ ተብሎ በቀጥታ በደም ሥር። መድኃኒቱ ከክፍላችን መደርደሪያ ነው የወጣው። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪሙ 3፡15 ላይ ቢያዝም ማዘዣውን ልጁ ይዞ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ገንዘብ ያዥ፣ ከዚያ ፋርማሲ፣ «አልቋል» ሲባል ደግሞ ከግቢ ውጭ ሄዶ ቢሆን አምስት ሰዓትም ላይደርስ ይችል ነበር። አብዛኛው መዘግየት የሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ያ ወረፋ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ከክፍሉ ይውጣ፣ ቤተሰብ በኋላ ይተካ።

ፈሳሹን 500 ሚሊ ሪንገር በ20 ደቂቃ ጀመርን። በኪሎ 30 ሚሊ ብትል 1,650 ይመጣል፣ ግን በአንዴ ከፍተን አልተኛንም። ከመጀመሪያው 500 በኋላ 90 በ52። ከሁለተኛው በኋላ 98 በ58፣ ጣቷ 3 ሰከንድ፣ ትንፋሿ 24፣ ሳንባዋ ንጹሕ። ሦስተኛውን ቀስ ብለን ሰጠን። ካቴተር ገብቶ ስለነበር በሰዓት ቢያንስ 28 ሚሊ ገደማ ሽንት ጠበቅን። የመጣው 10 ሚሊ ነው፣ ድፍርስ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ፈሳሽ የሚጨምረው። እኛ አልትራሳውንድ አደረግን። የቀኝ ኩላሊቷ አብጧል፣ ጠጠር ዘግቶታል። መግል የተዘጋበት ኩላሊት በሴፍትሪያክሰን ብቻ አይድንም፤ መንገድ ይፈልጋል። ዩሮሎጂ ተጠርቶ በዚያው ቀን ቱቦ ገባላት፣ መግሉ ወጣ፣ ማታ ሽንቷ መጣ። በሦስተኛው ቀን ካልቸሩ ሴፍትሪያክሰን የማይበግረው ኢ ኮላይ አበቀለ፣ ወደ ሜሮፔነም ቀየርን። ኋላ ላይ የጀመራት ትኩሳትም ከዚያ በኋላ ነው የጠፋው። ያ ጠርሙስ ባይቀዳ ምን ላይ ተመሥርተን እንቀይር ነበር?

ነርስ፣ ከሜሪላንድ፦ እኛ ጋ በኪሎ 30 በሦስት ሰዓት ካልገባ ሪፖርት ላይ ይወጣብናል፣ የልብ ድካም ላለበትም ሐኪሙ ለምን እንደቀነሰ ካልጻፈ። ላክቴት የሚባለው የደም ምርመራም ካልተሠራ እንደዚያው። እናንተ ለምን 500 በ500 ትላላችሁ?

እህቴ፣ እናንተ ጋ የሰውየው ሳንባ ውኃ ከሞላበት ከጎኑ ቬንቲሌተር አለ። እኛ ጋ ላይኖር ይችላል። በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ፣ ብዙዎቹ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ላይ በተሠራ ሙከራ ቶሎ ብዙ ፈሳሽ ያገኙት 48 በመቶ ሞቱ፣ በተለመደው አያያዝ የቆዩት ደግሞ 33 በመቶ። በ2017 ነው የወጣው። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ በ2023 የወጣው ጥናት ብዙ ፈሳሽና ትንሽ ፈሳሽ መካከል በሞት ልዩነት አላገኘም። በኪሎ 30 የሚለውም መመሪያው ውስጥ ደካማ ምክር ሆኗል። የልብ ድካም አለበት ብሎ ፈሳሽ ጭራሽ መከልከል ግን ሌላ ስህተት ነው። 250 ስጪ፣ ሳንባውን አዳምጪ፣ ድገሚ። ላክቴት የሌለን ቦታ ጣቱን እንጫናለን፤ ብዙም አያሳፍርም።

ሌላ ሐኪም፦ በሉሳካው ጥናት ብዙዎቹ ቲቢ ያለባቸው፣ የከሱና ደም ያነሳቸው ነበሩ። እሱን ለኛ 60 ዓመት የስኳር ታማሚ እንዴት ታመጣዋለህ?

ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድህም። ለዚህ ነው «ፈሳሽ አትስጡ» ያላልኩት። ኤችአይቪ ያለበት፣ የከሳ፣ ደሙ ያነሰ ሰው ሲመጣ ቀስ እላለሁ፤ እንደዚያች እናት ያለ ሰው ላይ 1.5 ሊትር አያስፈራኝም። መሃል ያሉትን በተመለከተ እኔና አንተ ዛሬ አንጨርሰውም። የምንስማማበት ግን ይመስለኛል፦ ከሊትር ተኩል በኋላ አማካይ ግፊቱ 65 ካልደረሰ ግፊት የሚያነሳውን ኖርአድሬናሊን ጀምር፣ ማዕከላዊ መስመር አትጠብቅ። ክንድ ላይ ባለ ደህና ካኑላ ይጀመራል፤ ካኑላው የገባበትን ቦታ ግን እየተመላለሱ ማየት ግድ ነው።

ሲስተር፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ያቺ እናት ላይ ሪንገር እየሄደ ሴፍትሪያክሰን ሰጣችሁ? እኛ የተማርነው ሁለቱ አይገናኙም ነው።

ጎበዝ፣ ማንም አይጠይቀውም ብዬ ነበር። ሪንገር ካልሲየም አለው፣ በአንድ መስመር ሲገናኙ ይረጋሉ። ለዚህ ነው ሁለት ክንድ ያልነው፤ ሪንገሩ በግራ፣ መድኃኒቱ በቀኝ። አንድ መስመር ብቻ ካለሽ ሪንገሩን አቁሚ፣ በኖርማል ሳላይን እጠቢው፣ መድኃኒቱን ስጪ፣ ድጋሚ እጠቢ፣ ከዚያ ሪንገሩን ቀጥዪ። ይህ ለአዋቂ ነው። 28 ቀንና ከዚያ በታች የሆነ ሕፃን ላይ በተለያየ መስመርም ቢሆን ሁለቱን አንድ ላይ አትሞክሩ።

ጤና መኮንን፣ ከጤና ጣቢያ፦ እኛ ሪፈር ነው የምንጽፈው። ሆስፒታሉ ሁለት ሰዓት ይርቃል። መድኃኒት ሰጥተን ብንልክ ምርመራውን አበላሻችሁ ይሉናል።

ይበሉ። ግፊቱ ከወረደ ሰጥታችሁ ላኩ፣ ፈሳሹም መንገድ ላይ ይቀጥል። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የተሰጠበትን ሰዓት ጻፉ፤ «አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል» ብቻ የሚል ሪፈር ለኔ ምንም አይነግረኝም። የካልቸር ጠርሙስ ካላችሁ ቀድታችሁ ስምና ሰዓት ለጥፋችሁ ከሕመምተኛው ጋር ላኩት። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚጓዘው።