ዋና ሐሳቡን ነው ወይስ ኢንፈረንሱን የጠየቀኝ?

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝኛ ፓሴጅ ሳነብ ይገባኛል። ሜይን አይዲያ እና ኢንፈረንስ ላይ ስደርስ ግን ሁለት ምርጫ ይቀሩኝና የተሳሳተውን አከብባለሁ። ማስረጃው የቱ ጋ እንዳለስ በምን አውቃለሁ?»

እህቴ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ስለማስጠና ይሄ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ፓሴጁ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። «ይሄ እውነት ነው» ብለው ስለሚያከብቡ ነው። ከተሳሳቱት ምርጫዎች ውስጥ ግን እውነት የሆኑ አሉ፤ የተጠየቀውን አይመልሱም እንጂ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንዲቀልሽ አጭር ፓሴጅ በአማርኛ ልጻፍልሽ። ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

(1) ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። (2) ነገር ግን ዳገቱ ሥራውን ከባድና ውድ ስላደረገው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። (3) ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። (4) ነጋዴዎችም ቀስ በቀስ ሱቅና መጋዘናቸውን ወደ ጣቢያው አጠገብ አዛወሩ። (5) ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ብዙውን ድርሻዋን ለአዲሷ ከተማ ለቀቀች።

ጥያቄው «ጽሑፉ በዋናነት ስለምን ነው?» ወይም «የቱ ርዕስ ይስማማዋል?» ካለ ዋና ሐሳብ ነው። ሦስት ምርጫ አለሽ እንበል። አንዱ «ዳገቱ የሐዲዱን ሥራ ውድ አደረገው» ይላል። ሁለተኛው «የባቡር ታሪክ በአፍሪካ»። ሦስተኛው «የሐዲዱ መስመር መቀየር አዲስ ከተማ ፈጥሮ የሐረርን ንግድ ወሰደ»። እያንዳንዱን ይዘሽ አምስቱን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ ጠይቂ፦ ይሄ ምርጫ አንተንም ያቅፍሃል? የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ግን ከቁጥር 2 አያልፍም። 4 እና 5 ውጭ ይቀራሉ። ሁለተኛው ሁሉንም ያቅፋል፣ ግን ፓሴጁ ያላነሳቸውን አገሮች ሁሉ ጨምሮ ነው። ሦስተኛው ልክክ ይላል። «ዋና ሐሳብ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው» የሚባለውን ደግሞ ብዙ አትመኚው። እዚህ ቁጥር 1 የሚነግርሽ ያልሆነውን ነገር ነው። ወሬው የሚጀምረው ከ«ነገር ግን» በኋላ ነው።

ኢንፈረንስ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛው ኢንፈር፣ ኢምፕላይ፣ ሰጀስት የሚሉትን ቃላት ስታይ በቀጥታ ያልተጻፈ፣ ከተጻፈው ግን የግድ የሚከተል ነገር እየጠየቀሽ ነው። እዚህ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር ማቀፍ አያስፈልግም። አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው እንበል። ሀ) የሐረር ነጋዴዎች ባቡሩን ተቃውመው ነበር። ለ) ለነጋዴዎቹ ለጣቢያው መቅረብ ከነባሩ ገበያ ይልቅ ጠቅሟቸዋል። ሐ) ሐዲዱ ሐረር ያልገባው በዳገቱ ምክንያት ነው። «ሐ» ቁልጭ ብሎ ቁጥር 2 ላይ ተጽፏል። ይሄ ዝርዝር መረጃ ነው እንጂ ኢንፈረንስ አይደለም። የቀሩት «ሀ» እና «ለ» ናቸው፣ አንቺም የምትጣበቂው እዚህ ነው።

እኔ የማስተምረው ዘዴ ምርጫውን መገልበጥ ነው። «ሀ»ን ገልብጪው፦ ነጋዴዎቹ አልተቃወሙም። ከአምስቱ የትኛው ዓረፍተ ነገር ይጣላዋል? አንድም የለም። ስለዚህ «ሀ» ከጭንቅላታችን የመጣ ግምት ነው፤ ንግዳቸው ሊሄድ ነው ብለን ስላዘንንላቸው ብቻ እውነት መሰለን። «ለ»ን ገልብጪው፦ ለጣቢያው መቅረብ አልጠቀማቸውም። ታዲያ ቁጥር 4 ላይ መጋዘን ነቅለው የሄዱት ለምንድነው? ተጋጨ። መልሱ «ለ» ነው፣ የተጋጨው ዓረፍተ ነገርም ማስረጃሽ ነው። ማስረጃውን ለብቻው መፈለግ አያስፈልግሽም፤ ሲገለበጥ ራሱ ብቅ ይላል።

«ይህን የሚደግፈው የቱ ነው?» ብሎ የሚከተል ጥያቄ ላይ ልጆች ቁጥር 5ን ይወዳሉ፤ ሐረርንም ንግድንም ስለሚጠራ። ግን 5 የሚናገረው ከተማዋ ላይ የደረሰውን ነው። ነጋዴዎቹ በገዛ እጃቸው ያደረጉትን የሚያሳየው 4 ነው። ስለዚያው ጉዳይ ማውራትና ማረጋገጥ ይለያያሉ።

ጥያቄው የመስመር ቁጥር ከሰጠሽ እዚያ መስመር ላይ ብቻ አትቁሚ፤ ከላይም ከታችም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። «እነሱ» ወይም «ይህ» የሚለው ማንን እንደሚያመለክት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከላይኛው ነው። ዋና ሐሳብ የሚጠይቀውን ደግሞ አንደኛ ቢመጣም ዝለይውና መጨረሻ ላይ ተመለሽበት። ሌሎቹን ስትሠሪ ፓሴጁን ሁለት ሦስቴ ስለምትመላለሺበት ያኔ ብዙ ሰዓት አይወስድብሽም።